ጥያቄና መልስ፦ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ልዩነት» የሚለው ዓምድ ምን ይነግረናል?

በበጀትና ሪፖርት ሥራ 16 ዓመት ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ነው። ጥያቄያችሁን ከራሳችሁ ሰንጠረዥ ቁጥር ጋር ብታመጡ ይሻላል፤ ያለ ቁጥር የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።

የፕሮግራም ኃላፊ፣ ከሀዋሳ፦ በ2ኛው ሩብ ዓመት ትራንስፖርት ላይ 260,000 ብር አልፈሃል ተባልኩ። በ1ኛው ሩብ ግን 350,000 ተርፎኝ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ምን ልበል?

ከማስረዳትህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። የዓመቱ በጀት ስንት ነው? ለየሩቡ የተከፋፈለውስ እንዴት ነው?

ያው ጠያቂ፦ የዓመቱ 2,400,000 ነው። ፋይናንስ ለአራት እኩል አካፍሎታል፣ በየሩቡ 600,000። በ1ኛው 250,000፣ በ2ኛው 860,000 አውጥተናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከማካፈሉ ነው። 1ኛው ሩብ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው፤ ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የመስክ ሥራ የለም። ያ 350,000 ብር እኮ ቁጠባ አልነበረም፤ ማንም ሊጓዝ ባላሰበበት ወቅት የተመደበ ገንዘብ ነው። ጥቅምት ሲገባ መኪኖቹ ወጡ፣ ወጪውም አብሮ ወጣ። የሁለቱን ሩብ ብትደምር 1,110,000 አውጥተሃል፣ ከ1,200,000 ላይ 90,000 ቀርቶሃል። እዚህ ላይ ብዙ ኃላፊ ተንፍሶ ወረቀቱን ያስቀምጣል። አንተ ግን ገና አታስቀምጥ። ሥራው ተሠርቶ ሒሳቡ ያልገባ ነገር አለ?

ያው ጠያቂ፦ አዎ፣ የታኅሣሥ የኪራይ መኪና 140,000 ብር ደረሰኙ አልመጣም። ደግሞ እኔ ራሴ በሥራ እቅዴ ላይ ለክረምቱ 280,000፣ ለ2ኛው ሩብ 800,000፣ ከዚያ 750,000 እና 570,000 ብዬ ነበር። ፋይናንስ አልተጠቀመበትም።

ያንን የሥራ እቅድ ቀድመህ አምጥተኸው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ትክክለኛው ሚዛን እሱ ነው። የኪራዩ መኪና የሠራው በታኅሣሥ ስለሆነ ወጪው የታኅሣሥ ነው፤ ሲጨመር እስካሁን ያወጣኸው 1,250,000 ይሆናል። በራስህ እቅድ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ልታወጣ ያሰብከው 1,080,000 ነበር። ስለዚህ 170,000 ብር አልፈሃል። ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት 1,320,000 ያስፈልግሃል፣ በእጅህ ያለው ግን 1,150,000 ነው፤ የጎደለው ያው 170,000 ነው።

አንዱ የሒሳብ መደብ መጀመሪያ 260,000 አለፈ፣ ቀጥሎ 90,000 ተረፈ፣ በመጨረሻ 170,000 አለፈ። የመደመር ስሕተት ግን የትም አልነበረም፤ የተለወጠው ክንውኑ የሚነጻጸርበት እቅድና ሪፖርቱ ውስጥ የገባው ወጪ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሊያውቅ የሚገባው የመጨረሻውን ነው፤ ከሰኔ በፊት ሊወስን የሚችለው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነውና። ማብራሪያውን እንዲህ ጻፈው፦ «እስከ ታኅሣሥ በሥራ እቅዱ ላይ 170,000 አልፏል፤ ገና ያልተከፈለ የኪራይ 140,000 ተካቷል፤ ጉዞው ካልተቀነሰ ዓመቱ በ170,000 ጉድለት ያልቃል።» «ወጪው በሥራ ብዛት ምክንያት ጨምሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አይነግርም።

ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ይቅርታ፣ ግን ያልተከፈለ ነገር ክንውን ውስጥ አይገባም። ከባንክ ካልወጣ ወጪ አይደለም ተብለን ነው የተማርነው።

መሥሪያ ቤትህ ሒሳብ የሚይዘው ገንዘብ ሲከፈል ብቻ ከሆነ ትክክል ነህ፤ የሒሳብ መዝገቡን እንደዚያ ያዝ። የኃላፊዎች ሪፖርት ግን ከመዝገቡ የተቀዳ ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ከክንውኑ አጠገብ «ውል የተገባበት፣ ያልተከፈለ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምርና ቀሪውን ሁለቱን ቀንሰህ አውጣ። መዝገብህ አይነካም፣ ኃላፊውም አይታለልም።

ይልቅ የአንተን ሕግ የሚገለብጥ ሌላ ነገር አለ። ለመስክ ሠራተኛ የተሰጠና ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ከባንክ ወጥቷል፣ ነገር ግን በወጪ አልተመዘገበም፤ ተሰብሳቢ ላይ ተቀምጧል። ለስልጠና አበል 300,000 ብር ወጥቶ፣ ስልጠናው አልቆ፣ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ ሪፖርቱ ስልጠና ላይ ዜሮ ክንውን ያሳያል። ሥራው ተሠርቶ ልዩነቱ መቶ በመቶ «ተርፏል» ሲል ካየህ መጀመሪያ የተሰብሳቢውን ዝርዝር ክፈት። እኔ ሩቡ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት የማወራረጃ ማስታወሻ ካልላክሁ ሪፖርቴ ትክክል ሆኖ አያውቅም።

የግዥ ባለሙያ፦ ልዩነት የሚሰላው እቅድ ሲቀነስ ክንውን ነው ወይስ ተገላቢጦሹ? የእኛ ሁለት ቅርንጫፎች ለየብቻ ይሠራሉ።

ሁለቱም ይሠራባቸዋል፤ አንድ ሰንጠረዥ ላይ መደባለቅ ነው ክልክሉ። ለወጪ እቅድ ሲቀነስ ክንውን እመርጣለሁ፤ የመቀነስ ምልክት ያለበት መደብ በጀቱን ያለፈ ነው ማለት ይሆናል፣ ዓይንም ቶሎ ይይዘዋል። በዚያው ገጽ ላይ ገቢ ካለ ግን ተጠንቀቂ፤ በዚሁ ቀመር ከእቅድ በላይ የተሰበሰበ ገቢ በመቀነስ ምልክት ይወጣል፣ መልካሙ ዜና ክፉ ይመስላል። ለገቢው ገልብጪው፣ ወይም ከቁጥሩ አጠገብ «አልፏል»፣ «ተርፏል» ብለሽ በቃል ጻፊ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ሳይስማሙ የዋናው መሥሪያ ቤት ድምር ከተሠራ ደግሞ የአንዱ ጉድለት የሌላውን ጉድለት ያጠፋዋል፣ ድምሩም ዜሮ አካባቢ ሆኖ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተያዘው በሦስተኛው ሩብ ነው።

ያው ጠያቂ፦ የመቶኛው ዓምድስ? በጀት ባልተያዘለት መደብ ላይ ኤክሴል ስሕተት ይሰጠኛል።

በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ነው። እቅዱ በB፣ ክንውኑ በC ላይ ከሆነ ይህን አስገቢ፦

```
=IF(B5=0,"በጀት የለውም",(B5-C5)/B5)
```

ባዶ ወይም ዜሮ እንዲያሳይ አታድርጊው። በጀት ሳይኖረው የወጣ ወጪ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ነው።

የክፍል ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ፦ ከ10 በመቶ በላይ ለሆነ ልዩነት ሁሉ ማብራሪያ ጻፉ እንባላለን። ግማሽ ቀናችን በዚህ ያልቃል።

መቶኛ ብቻውን ያሳስታል። የጽሕፈት መሣሪያ 4,000 ታቅዶ 7,000 ቢወጣ 75 በመቶ አልፏል፤ ገንዘቡ 3,000 ብር ነው። ደመወዝ 6,000,000 ታቅዶ 6,420,000 ቢወጣ 7 በመቶ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም ተብሎ ያልፋል፤ ገንዘቡ ግን 420,000 ነው። ሁለት መስፈርት ያዙ፦ ከ10 በመቶም ከ50,000 ብርም በላይ ከሆነ ይብራራ፤ ከ200,000 ብር በላይ ከሆነ ደግሞ መቶኛው ምንም ይሁን ይብራራ። ቁጥሮቹን እንደ ድርጅታችሁ መጠን ቀይሯቸው።

አንድ ተሳታፊ፦ የእኛ ለጋሽ ከመደብ ወደ መደብ እስከ 10 በመቶ ማዛወር ይፈቅዳል። ስለዚህ 10 በመቶው ሕግ ነው፣ መቀየር አይቻልም።

ያነሱት ሌላ ጉዳይ ነው። እርስዎ የሚሉት ያለ ፈቃድ የሚደረግ የበጀት ዝውውር ነው፤ ወሰኑን የሚሰጠው የራስዎ ስምምነት ነው፣ ከለጋሽ ለጋሽም ይለያያል። እኛ የምንነጋገረው ኃላፊው የትኛውን መስመር ያንብብ በሚለው ላይ ነው። ይሁንና ሁለቱን በተለያየ ዓምድ መከታተልዎ ጥሩ ነው፤ ዝውውሩ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው እቅድ ከሰንጠረዡ መጥፋት የለበትም። የተስተካከለው በጀት ብቻ ከቀረ ልዩነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ይሆናል፣ ምን እንደተሳሳትንም አናውቅም።

ከሀዋሳ የጠየቀው፦ ተመልሼ መጣሁ። ሥራ አስኪያጁ «ለምን አለፈ? ብዙ ነድታችሁ ነው ወይስ ነዳጅ ተወድዶ?» አለኝ።

ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አለህ። የሊትሩን መዝገብ አምጣ።

ያው ጠያቂ፦ በ2ኛው ሩብ 4,000 ሊትር በ100 ብር አቅደን ነበር። የተቀዳው 3,800 ሊትር በ122 ብር ነው።

እቅዱ 400,000፣ ክንውኑ 463,600፤ ነዳጅ ብቻውን በ63,600 አልፏል። ለሁለት ክፈለው። በሊትር 22 ብር ጨምሯል፤ በተቀዳው 3,800 ሊትር ሲባዛ 83,600 ብር የዋጋ ነው። 200 ሊትር ቆጥባችኋል፤ በታቀደው 100 ብር ሲባዛ 20,000 ብር ነው። 83,600 ላይ 20,000 ሲቀነስ 63,600 ይመጣል። ስለዚህ ሾፌሮችህ በእቅዱ ካሰብከው ያነሰ ነው የቀዱት፤ ያለፈው በዋጋ ብቻ ነው። ሩቡ በጠቅላላ በ200,000 አልፏል፣ የቀረው 136,400 ከነዳጅ ውጪ ነው፤ ቀጥለህ የኪራይ መኪናውን ቀናት ቁጠር። የጉዞ ቀን ጨምሮ ከሆነ ያ የአንተ ውሳኔ ነው፣ ዋጋ ተወድዷል ብለህ አታልፈው።

የፋይናንስ ኃላፊ፣ በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ፦ የእኔ ችግር ሌላ ነው። በጀታችን በዶላር ነው። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ሲመራ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር ሪፖርቴ ሁሉም መደብ አልፏል፣ በዶላር ሪፖርቴ ሁሉም ተርፏል።

ሁለቱም ሪፖርቶችህ እውነት ይናገራሉ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ የእያንዳንዱን መደብ እቅድ በጀቱ በጸደቀበት ምንዛሪ እተወዋለሁ፣ ክንውኑንም መጀመሪያ በዚያው ምንዛሪ ወደ ዶላር እለውጠዋለሁ። የሚወጣው ልዩነት የክፍል ኃላፊዎቹ ነው፤ ያሉበት ሥራና የአገር ውስጥ ዋጋ ይታይበታል። ከዚያ በእውነተኛው ምንዛሪ የተገኘውን ልዩነት ከሰንጠረዡ ግርጌ በአንድ መስመር ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። የምንዛሪውን ለውጥ ማንም የክፍል ኃላፊ አላመጣውም፣ ስለዚህ ማንም ሊጠየቅበትም ሊመሰገንበትም አይገባም።

ያው ጠያቂ፦ እኛ ጋ ግን ኦዲተሩ ይህን አልወደደውም። በአሮጌ ምንዛሪ የተለወጠ ክንውን ከመዝገቡ ጋር አይታረቅም አለ።

ለለጋሽ በሚላከው ሪፖርት ላይ ኦዲተሩ ልክ ነው፤ እዚያ የመዝገቡ ምንዛሪ ብቻ ይግባ። ለውስጥ ኃላፊዎች ግን አሁንም የእኔን መንገድ እመርጣለሁ። በዚህ ከማይስማሙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር ለዓመታት ተከራክረናል፤ በየሩቡ እቅዱን በአዲስ ምንዛሪ ማደስ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም፤ ኃላፊው ዛሬ ስንት ብር እንዳለው ወዲያው ያያል። ሁለቱን መንገድ የሞከረ ካለ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ።

የዕለት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ፦ የጥበቃ የቀን ክፍያ በ1ኛው ሩብ በየዓመቱ ያልፍብኛል። ሰው አልጨመርኩም።

ጳጉሜን ቆጥረሃል? 1ኛው ሩብ 95 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴም 96፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። ዓመቱ ለአራት እኩል ከተካፈለ ለየሩቡ 91 ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ታልፋለህ፣ በሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ይተርፍሃል። የወር ደመወዝተኞች ላይ ይህ አይታይም። እቅዱን በቀን ቁጥር አካፍለው።