ለሐኪም የሚላክ የቆዳ ፎቶ፦ የማታው ወይስ የቀኑ?

«ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። እናቴ ውስጥ እግሯ ላይ ነጥብ ወጥቶባታል። ማታ ሳነሳው ቡናማ፣ ቀን ጥቁር ይሆናል። ለሐኪም የቱን ልላክ?»

የቀኑን። ቢጫ አምፖል ቆዳውን ሁሉ ወደ ብርቱካናማ ይጎትተዋል። ስልኩ ደግሞ አስተካክላለሁ ብሎ የባሰ ያዛባዋል። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጥላ ውስጥ አንሳው። ፍላሹን አጥፋ፤ ነጸብራቁ ነጥቡ ላይ የሌለ ነጭ ቦታ ይፈጥራል።

ትልቁ ጣጣ ግን ፊልተር ነው። አንዳንድ ስልክ ሳትነግረው ቆዳ ያለሰልሳል፤ ለሰርግ ፎቶ ይሁን፣ ለዚህ አይሆንም። ሐኪሙ የሚፈልገው የተዛነፈ ጠርዝና የተቀላቀለ ቀለም ነው። ፊልተሩ የሚያጠፋው እነዚህኑ ነው።

ስልኩን በጣም አታስጠጋ። ብዙ ስልክ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ፎከስ አይዝም፤ ሲደበዝዝ ሻካራው ጠርዝ ለስላሳ ይመስላል። 25 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ በል፣ ትንሽ ዙም አድርግ፣ ስክሪኑ ላይ ነጥቡን ነካ አድርግ። ከጎን ካነሳኸው ክቡ ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ ከፊት ለፊት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገህ።

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር አካባቢ ነው። ፎቶው ጥሩ ቢወጣም እናትህን ቆዳ ሐኪም ዘንድ በአካል ውሰዳቸው።