ብሎኬት ወይስ ድንጋይ፦ ቤት ለምትሠሩ ልጆቼ

በቅርቡ አንድ ወጣት መሐንዲስ ምክር ፈልጎ ደወለልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለወላጆቹ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሊሠራ ነው። ኮለን የለውም፤ ጣሪያውን የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። እሱ ብሎኬት ይላል። አባቱ ደግሞ "ድንጋይ አገር ተቀምጠን ብሎኬት ልንገዛ?" ብለው አሻፈረኝ ብለዋል።

መጀመሪያ ክብደቱን አብረን አሰላን። የቆርቆሮ ጣሪያው ከነእንጨቱና ከነኮርኒሱ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ነው እንበል። ክፍሉ 4 ሜትር ስፋት ካለው፣ ግማሹ ወደ አንዱ ግድግዳ ግማሹ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ የሚያርፈው 100 ኪሎ ገደማ ነው። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ ግን በዚያችው አንድ ሜትር ራሱ ከ800 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 50 ሳንቲም የድንጋይ ግንብ ደግሞ ወደ 3,600 ኪሎ ይጠጋል። አያችሁ? ሶሌታ ካልተጫነበት በቀር ግድግዳው ባብዛኛው የሚሸከመው ራሱን ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ሁለቱም ይችላሉ።

ትንሽ ቤትን የሚጥለው ከላይ የሚጫነው ሳይሆን ከጎን የሚገፋው ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳልነበረች ያደረጋት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። መሬት ሲናወጥ ግድግዳውን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር ያድጋል። አራት እጥፍ የከበደው ግንብ አራት እጥፍ ይገፋል። አባትየው "ከባድ ነው፣ አይነቃነቅም" ያሉት እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ድንጋይን ግን እንዲሁ አላጣጥልም። ችግሩ ከድንጋዩ ሳይሆን ከአገነባቡ ነው። ግንበኛው ከውጭ አንድ መልከ መልካም ረድፍ፣ ከውስጥ ሌላ ረድፍ ይደረድርና መሀሉን በፍርካሽ ይሞላዋል። ከውጭ ስታዩት አንድ ግንብ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ግንቦች ናቸው። አንድ ላይ የሚይዛቸው ከፊት እስከ ጀርባ የሚዘልቅ ማሰሪያ ድንጋይ ነው። በቁመት በየ60 ሳንቲሙ፣ በርዝመት በየ1.2 ሜትሩ ቢያንስ አንድ ይግባ።

እኔ ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ግንብ ፊቱ አምሮኝ ሥራውን ተረከብኩ። ክረምቱ ሲያልፍ ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆዱን አወጣ። ስናፈርሰው አንድም ማሰሪያ የለበትም! ዛሬ ግንብ ስቆጣጠር ፊቱን ትቼ ገና ያላለቀውን አናቱን ነው የማየው። ማሰሪያው ገብቶ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።

ብሎኬትም የራሱ ጣጣ አለው። መንገድ ዳር የሚሸጠው አብዛኛው ለክፍል መለያ የተሠራ ነው፤ ሰኞ ተመትቶ ሐሙስ መኪና ላይ የሚጫን። ለተሸካሚ ግድግዳ መሆኑን ነግራችሁ ከፍ ያለውን ደረጃ እዘዙ። ቢያንስ ሳምንት ውሃ ጠጥቶ፣ 28 ቀን ይሙላው። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠርዙን በምስማር ጫሩት። እንደ አሸዋ ከተንኮታኮተ መልሱት፤ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ይህ ግን የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም።

ደህና ብሎኬትም ቢሆን ብቻውን ከጎን ሲገፉት ደካማ ነው። በየማዕዘኑ፣ ግድግዳ ከግድግዳ በሚገናኝበትና በበሩ ግራና ቀኝ ባለው ቀዳዳ ባለ 12 ፌሮ ከመሠረቱ ተነስቶ ይውጣና ቀዳዳው በኮንክሪት ይሞላ። ከላይ ደግሞ ቤቱን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያስረው ቢም ሳይቋረጥ ይዙር። የጣሪያው እንጨትም ከዚህ ቢም በወጣ ብረት ይታሰር። በሚስማር ብቻ የተያዘ ቆርቆሮ የነፋስ ሲሳይ ነው። ይህ መቀነት ለድንጋይ ግንብም ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው ግን "ድንጋይ ነው" ብሎ ይዘለዋል።

እንደኔ እንደኔ ድንጋዩ ከታች፣ ብሎኬቱ ከላይ ይሁን። መሠረቱና ከመሬት ከፍ ብሎ ያለው ክፍል እርጥበትና የመሬት ግፊት ስለሚበዛበት ክብደቱ እዚያ አይጎዳም። ላዩ ግን በቀለለ ቁጥር ይሻላል። ጎበዝ ድንጋይ ጠራቢ ካለና ቤቱ ፎቅ የሌለው ከሆነ ሙሉ ድንጋይም አልከለክልም፤ ማሰሪያውን የሚቆጥር ሰው በየቀኑ እዚያ መቆም አለበት እንጂ።

አባትና ልጅ በመጨረሻ በዚህ ተስማሙ። ድንጋዩ እስከ መስኮት ደፍ ይወጣል፣ እዚያ ላይ አንድ ቢም ይዞራል፣ ከዚያ በላይ ብሎኬት ነው። ፌሮው ግን ከመሠረቱ ጀምሮ በድንጋዩ ግንብ ውስጥ አልፎ መምጣት ስላለበት ቦታው ከወዲሁ ይለካ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ልጁ የማዕዘኑን ቀዳዳ ፎቶ ላከልኝ። ፌሮው ቆሟል፣ ኮንክሪት ሊሞሉ ነው። "ዘንግ አስገብተህ እስከ ታች አውርደው" አልኩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዘንጉ ቆመ። ሲገነቡ የወደቀ ልውስ ደርቆ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ኮንክሪቱን ቢያፈሱት ከዚያ በታች ያለው ባዶ ይቀር ነበር። አሁን ከታችኛው ረድፍ አንድ ብሎኬት ፈልቅቀው እያጸዱ ነው።