«ደርቋል»፣ «ረዝሟል» ሲሏችሁ ረቂቁ ላይ ምን ታደርጋላችሁ?

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የሰዎችን ባዮ፣ ማለትም ማንነታቸውንና ሥራቸውን የሚያስተዋውቅ አጭር ጽሑፍ፣ አርማለሁ። አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አስተያየት አጥቶ አይደለም። አስተያየቱን ይዞ የቱ ዐረፍተ ነገር ላይ እንደሚያሳርፈው ስለሚቸገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ። ረቂቁን ራሱን ብትልኩት ደግሞ በጣም ይሻላል።

«መንዝ ጓሳ አስጎብኚ ነኝ። አለቃዬ "ባዮህ ደርቋል፣ አለስልሰው" አለኝ። ምኑን ነው የማለሰልሰው? ይኸው፦ "አቶ እገሌ በጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ በአስጎብኚነት ሙያ ላይ በመሰማራት ለጎብኚዎች የተለያዩ አገልግሎቶችን በመስጠት ላይ የሚገኙ ባለሙያ ሲሆኑ የአካባቢውን ብዝኃ ሕይወት በማስተዋወቅ ረገድ የበኩላቸውን አስተዋጽኦ እያበረከቱ ይገኛሉ።"»

መጀመሪያ አለቃህን «የቱ ጋ ደረቀብህ? አስምርበት» በለው። ማስመር ካቃተው ራስህ ጮክ ብለህ አንብበው። ለጓደኛህ ብታወራ አፍህ ላይ የማይመጣውን ሐረግ ሁሉ ምልክት አድርግበት።

እኔ አራት ቦታ አሰመርኩ። «በአስጎብኚነት ሙያ ላይ በመሰማራት»፣ «በመስጠት ላይ የሚገኙ»፣ «በማስተዋወቅ ረገድ»፣ «አስተዋጽኦ እያበረከቱ ይገኛሉ»። የአራቱም ሕመም አንድ ነው። «ያስጎበኛሉ» የሚለው ግስ በስም ተሸፍኖ ጠፍቷል። ሌላም አለ። «የተለያዩ አገልግሎቶች» ሲባል አንባቢው ምንም አይታየውም። ምሳ ታበስላለህ? ድንኳን ትተክላለህ? በቅሎ ታከራያለህ?

ስለዚህ «አለስልሰው» የሚለውን እንዲህ ወደ መመሪያ ቀይረህ ጻፈው፦ «አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት አድርግ። "ላይ የሚገኙ" እና "ረገድ" ያለበትን ሁሉ በአንድ ግስ ተካ። "የተለያዩ አገልግሎቶች" በሚለው ቦታ የምትሠራውን ነገር በስሙ ጥራ። አቶ የሚለውንና የቦታውን ስም አትንካ።» ሲሠራበት ይህን ይመስላል፦

«አቶ እገሌ በጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ያስጎበኛሉ። ጎብኚዎችን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ወደሚታዩበት ሜዳ በእግር ይወስዳሉ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዴት እንደሚውል፣ የአካባቢው ሰውም በምን ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ ያስረዳሉ።»

እግረ መንገዴን፣ የምትሠራውን የገመትኩት እኔ ነኝ። አንተ የማትሠራው ካለ አውጣው።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከደብረ ሲና። ልጄ፣ ደረቅ ያደረገው እኮ "አቶ" እና "ይገኛሉ" ማለቱ ነው። "እኔ" ብሎ ቢጽፈው ያለቀለት ነበር።»

ጋሼ፣ ግማሹ ልክ ነው። በ«እኔ» የተጻፈ ባዮ ቀረብ ይላል። ግን «እኔ በአስጎብኚነት ሙያ ላይ በመሰማራት አገልግሎት በመስጠት ላይ እገኛለሁ» ብለው ያንብቡት። ያው ደረቅ ነው። ደግሞ መድረክ ላይ ሌላ ሰው የሚያነበው ባዮ በ«እኔ» አይሆንም። መጀመሪያ ግሱን ይፍቱት። ከዚያ በኋላ «እኔ» ወይስ «እሳቸው» የሚለውን አንባቢው ማን እንደሆነ አይተው ይወስኑ።

«አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት። ለስብሰባ የሚነበብ ባዮ ላይ "ረዝሟል" ስላሉኝ ከ210 ቃል ወደ 120 አወረድኩት። አሁንም ረዝሟል አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልቁረጥ?»

እስኪ አትቁረጪ። «ረዝሟል» ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ፣ አንባቢው የተሰጠው ሰዓት አጭር ነው። ሁለት፣ የሚታተምበት ቦታ አይበቃም። ሦስት፣ ሰሚው የሚፈልገው ነገር እስኪመጣ ሰልችቶታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቁጥር ይፈታሉ። ስንት ደቂቃ? ስንት መስመር? ሦስተኛው ግን በመቁረጥ አይፈታም። አስተባባሪውን «የቱ ጋ ስትደርስ ሰለቸህ?» ብለሽ ጠይቂው።

«ጠየቅኩት። "የት እንደምትሠሪ ለማወቅ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ" አለኝ። ባዮዬ የሚጀምረው ከትውልድ ቦታ ነው፤ ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ፣ ከዚያ ስድስት ስልጠና፣ መጨረሻ ላይ ሥራዬ።»

ተገኘ። አንቺ ከየዐረፍተ ነገሩ ጥቂት ጥቂት ቃል ነው የቀነስሽው። ቅርጹ አልተነካም። 120 ቃል ሆኖም ሥራሽ ያው መጨረሻ ላይ ነው። የአንቺ መመሪያ ይህ ይሁን፦ «የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ አድርጊ። የትውልድ ቦታና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይውጣ። ከስድስቱ ስልጠና ከስብሰባው ርዕስ ጋር የሚገናኘው ብቻ ይቅር።» ይህን ሳትጨርሺ ቃል አትቁጠሪ። ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢውና በስልክሽ ሰዓት ያዢበት። በመጀመሪያው ቁርጥ የወጣ ጥሩ ዝርዝር ካለ ደግሞ መልሺው። ቦታ ይኖርሻል።

«እኔ ሲቪ ልኬ መልስ አጣሁ፣ እሱም ደርቆ ይሆን?»

ሲቪ ሌላ ነገር ነው። እሱ ደረቅ ቢሆን ችግር የለውም፤ ዝርዝር ነው። መልስ ያጣህበትን ምክንያት ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም።

«መሐል ሜዳ ከመንዝ በግ ሱፍ ባና የሚሠራ ማኅበር አለን። ባዮዬን ወንድሜ "ጉራ አለበት" አለኝ፣ ደንበኛዬ ደግሞ "ራስሽን አሳንሰሻል" አለችኝ። የማንን ልስማ?»

ሁለቱንም። እየጠቆሙ ያሉት የተለያየ ዐረፍተ ነገር ይመስለኛል። «በአካባቢው ተወዳዳሪ የሌለው ባና» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ዝቅ ብለሽ «ትንሽ ትንሽ እንሞክራለን» ትያለሽ አይደል? ጉራውም ማሳነሱም ከአንድ ጉድለት የመጣ ነው፤ መረጃ የለም። መመሪያው፦ «ማወዳደሪያውንም "ትንሽ ትንሽ"ንም አውጪ። በቦታቸው ስንት ሸማኔ እንዳላችሁ፣ ሱፉን ከየት እንደምታመጡ፣ አንድ ባና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጻፊ።» ቁጥሩን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

«እኔ ግን አልስማማም። ሁለቱ ሰዎች አንዱን ዐረፍተ ነገር ቢሆንስ የጠቆሙት? ያኔ የባዮው ባለቤት ናት መወሰን ያለባት።»

እኔ ያኔ ባዮውን ከሚያነበው ሰው ጋር የሚቀራረበውን እሰማለሁ፤ እዚህ ጋ ደንበኛዋን። ግን የአንተም ሐሳብ ክብደት አለው። ስሙ ከላይ የተጻፈው የእሷ ነው። ሌሎች ምን ትላላችሁ?

«ባዮዬን የምታርምልኝ የእህቴ ልጅ ናት። "ትንሽ አስተካክይው" ብዬ ሰጠኋት፣ ሌላ ሰው አድርጋኝ መጣች።»

«አስተካክይው» ከተባለች ምን ታድርግ፣ ልጅቷ! አራት ነገር ንገሪያት፦ የቱ ቦታ፣ ምን ይደረግ፣ እስከ ምን ድረስ፣ ምን አይነካ። ለምሳሌ «ሁለተኛውን አንቀጽ ወደ ሦስት ዐረፍተ ነገር አውርጂ፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አትንኪ»። ልጅቷ አንቺን ሳትጠይቅ «ጨረስኩ» ማለት ከቻለች መመሪያው በቂ ነው።

ማለስለሱንና ማሳጠሩን ግን በአንድ ዙር አትስጫት። ደረቅ ሐረግ በዝርዝር ሲተካ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ይረዝማል። ሁለቱን አንድ ላይ ካዘዝሻት አንዱን ለማዳን ሌላውን ትጥላለች። መጀመሪያ ታለስልስ፣ አንብቢው፣ ከዚያ ይቆረጥ።