ማክ ፊልተርና የተደበቀ ስም፦ ሌባውን አያስቆሙም፣ ዋይፋዩንም አያፈጥኑም

«ዋይፋዬ ማታ ማታ በጣም ይንቀራፈፋል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ሳይ የማላውቃቸው ሁለት መሣሪያዎች አገኘሁ። ሰው እየተጠቀመብኝ ነው ብዬ ማክ ፊልተር አበራሁ፣ የዋይፋዩንም ስም ደበቅሁ። ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ጭራሽ አሁን የራሴ ስልክ አንዳንዴ አልገባ ይላል። ምን ተሻለኝ?»

በመጀመሪያ ሁለቱን እንግዶች እንይ። ራውተሩ ዝርዝር ውስጥ የማክ አድራሻቸው፣ ማለትም ራውተሩ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር፣ ተጽፏል፤ ለምሳሌ DA:5F:31:08:C4:7B ይመስላል። ከግራ ሁለተኛዋን ምልክት ይመልከቱ። እሷ 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነች አድራሻው ከፋብሪካ የመጣ ሳይሆን መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ነው። በዚህ ምሳሌ A ናት፤ ስለዚህ የተፈጠረ ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎን iOS 14 ወዲህ ስልኮች በየዋይፋዩ የተለየ አድራሻ እየፈጠሩ ይገባሉ። ባለቤቱን እንዳይከታተሉት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። «እንግዳ» ያሏቸው ሁለቱ የቤትዎ ስልኮች ቢሆኑ አይገርመኝም።

ለማረጋገጥ ስልክዎ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭነው ዝርዝሩን ይክፈቱ። አይፎን ላይ Private Wi-Fi Address ይላል፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ Randomized MAC የሚል ያገኛሉ። እዚያ ያለውን አድራሻ ከራውተሩ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ስልክዎ አልገባ የሚለውም ምናልባት በዚሁ የተነሳ ነው። ማክ ፊልተር የሚያስገባው አድራሻው የተመዘገበለትን መሣሪያ ብቻ ነው። ዋይፋዩን ሰርዘው እንደገና ሲገቡ ወይም ስልኩ አድራሻውን በየጊዜው እንዲቀይር ተደርጎ ከሆነ፣ ፊልተሩ ላይ የመዘገቡት አሮጌው ይቀራል። ራውተሩ ባለቤቱን «አላውቅህም» ይላል ማለት ነው።

አሁን ፊልተሩ ሌባ ለምን እንደማያቆም ልንገርዎት። ዋይፋይ ላይ የሚሄደው ነገር በፓስወርዱ ይመሰጠራል፤ የላኪውና የተቀባዩ ማክ አድራሻ ግን አይመሰጠርም። ከእያንዳንዱ መልእክት አናት ላይ ተገልጦ ይሄዳል፣ ምስጠራው አዲሱ WPA3 ቢሆንም እንኳ። ሌላ መንገድ የለውም፤ ራውተሩ መልእክቱ የማን እንደሆነ ሳይፈታው ማወቅ አለበት። ስለዚህ በአካባቢው ያለ ማንኛውም ሰው ትንሽ አዳምጦ የተፈቀደለትን አድራሻ ያነባል። ከዚያ የራሱን ላፕቶፕ በዚያ አድራሻ ማስመሰል ሊኑክስ ላይ ሦስት መስመር ነው፦

```
ip link set dev wlan0 down
ip link set dev wlan0 address DA:5F:31:08:C4:7B
ip link set dev wlan0 up
```

እውነተኛው ስልክ በዚያ ሰዓት ዋይፋዩ ላይ ካለ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ሌባው ግን ስልኩ እስኪወጣ ይጠብቃል እንጂ አይቸገርም። ነገር ግን አድራሻውን ቢኮርጅም ፓስወርዱን ካላወቀ አይገባም። ካወቀው ደግሞ ፊልተሩ የሚያዘገየው ለደቂቃዎች ነው። ፊልተሩ በእውነት የሚያግደው ፓስወርዱን አግኝቶ ይህን ዘዴ ያልሰማ ሰውን ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ፓስወርዱን መቀየር ይበቃል።

ስም መደበቅም ያው ነው። ራውተሩ ስሙን ቢደብቅም «አለሁ» የሚለውን ምልክት በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ መልቀቁን አያቆምም፤ የስሙን ቦታ ባዶ ያደርገዋል እንጂ። ስልክዎ ሊገባ ሲል ግን ስሙን በግልጽ ይጠራል። አጠገብ ያለ ሰው ያን ጊዜ ይሰማዋል። ከዚህ የባሰው ስልኩ ከቤት ከወጣ በኋላ ያለው ነው። የተደበቀ ዋይፋይ የተመዘገበበት ስልክ በሄደበት ሁሉ «እገሌ የሚባል ዋይፋይ እዚህ አለ?» እያለ ሊጠይቅ ይችላል። ከቤት የደበቁትን ስም መንገድ ላይ ያውጃል ማለት ነው።

ይህ መጠራራት ስልኩንም ያዘገየዋል። 5 ጊጋኸርትዝ ላይ ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ለራዳር ቅድሚያ የሚሰጡ ናቸው፤ እዚያ ላይ ስልኩ ምልክት ሳይሰማ ቀድሞ መጣራት አይፈቀድለትም። ስሙ ባዶ የሆነውን ምልክት ሲሰማ ደግሞ የእርስዎ መሆኑን አያውቅም። ተደብቆ እዚያ ቻናል ላይ የተቀመጠ ዋይፋይ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የስልክዎ አልገባ ማለት ከዚህም ሊሆን ይችላል።

ወደ ፍጥነቱ ስመጣ፣ ሁለቱን ቅንብሮች ከማታው መንቀራፈፍ ጋር የሚያገናኛቸው የለም። ፓስወርድ የሌለው ሰው ያለ ፊልተርም ኢንተርኔትዎን መጠቀም አይችልም። ጎረቤትዎ በራሱ ዋይፋይ ቪዲዮ ሲያይ ግን በተመሳሳይ ቻናል ላይ ከሆነ የእርስዎ መሣሪያዎች ተራ ይጠብቃሉ። አየሩ የጋራ ነው፤ ማን እንደተመዘገበ አይጠይቅም። ማታ ማታ ብቻ መንቀራፈፉም ወደዚያ ወይም ወደ መስመሩ ይጠቁማል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ማታ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ዊንዶውስ ላይ ይህን ይጻፉ። የራውተርዎ አድራሻ የተለየ ከሆነ እሱን ይተኩ።

```
ping -n 50 192.168.1.1
```

ይህ የሚለካው ከላፕቶፕዎ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየተመላለሰ አንድም ሳይጠፋ ከቀጠለ ዋይፋይዎ ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፣ አገልግሎት ሰጪዎን ያነጋግሩ። አንድ ደንበኛዬ ቤት ግን ጠዋት 3 የነበረው ማታ ከ200 በላይ ይዘል ነበር፤ ከ50ው አምስቱም ጠፉ። በኬብል ሰካሁት፣ 1 ሆነ። ራውተሩ ጤነኛ ነው፣ የተጨናነቀው አየሩ ነው ማለት ነው። ራውተሩ 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ፣ ቻናል 6፣ ስፋቱ 40 ሜጋኸርትዝ ላይ ነበር። ይህ ስፋት ቻናሎቹን ግማሽ በግማሽ ይሞላል፤ የጎረቤቱን ሁሉ ጭቅጭቅ ይሰማል። ስፋቱን 20 አደረግሁት። ስልክ ላይ ባለ የዋይፋይ መመልከቻ ሳይ ቻናል 1 ላይ ሰው ያንሳል፤ ወደዚያ ወሰድሁት። እርስዎም ሲመርጡ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው የማይደራረቡት፤ 3 ወይም 4 ላይ ማስቀመጥ ከሁለት ወገን መረበሽ ነው። ላፕቶፑንና ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ አዛወርናቸው። በዚያው ማታ ፒንጉ ከ10 በታች ወረደ።

ስለዚህ ፊልተሩን ያጥፉ፣ ስሙን ይግለጡ። ደህንነቱን የሚጠብቀው WPA3 ወይም WPA2 ከ AES ጋር፣ ከ16 ፊደል ያላነሰ ከመዝገበ ቃላት የማይገመት ፓስወርድ፣ እንዲሁም WPS የተባለውን፣ ያለ ፓስወርድ በአጭር ፒን የሚያስገባውን አቋራጭ፣ ማጥፋት ነው። ስሙንም ከፋብሪካ እንደመጣ አይተዉት። WPA2 ላይ ቁልፉ ሲሠራ ስሙ ከፓስወርዱ ጋር ይቀላቀላል፤ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ስም ላይ አስቀድሞ የተሰላ የፓስወርድ ዝርዝር ማዘጋጀት ይቻላል። የእርስዎ የተለየ ይሁን፣ የተደበቀ መሆን አያስፈልገውም።

ፓስወርዱን ሲቀይሩ ሁሉም መሣሪያዎች ይወድቃሉ። አንድ በአንድ ያስገቧቸው፣ የእያንዳንዱንም አድራሻ ከስልኩ ላይ እያዩ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የማያውቁት አድራሻ ብቅ ካለ፣ መጀመሪያ የቤተሰቡን ስልኮች ደግመው ያስተያዩ። ከማንኛቸውም ጋር ካልገጠመ ፓስወርዱን ለማን እንደሰጡት ይጠይቁ።