a5 የሚል የፊሌት ብየዳ ምልክት፦ እግር ወይስ ጉሮሮ?

ጥያቄ፦ «አዳማ ወዳለው ወርክሾፓችን በመጣ ንድፍ ላይ ከሦስት ማዕዘኑ ምልክት በስተግራ a5 ይላል። እግሩን 5 ሚሊ አድርጌ ልበይደው?»

መልስ፦ አይሆንም፤ እግሩ ከ7 ሚሊ ሜትር በትንሹ መብለጥ አለበት። በአይኤስኦ 2553 መሠረት በተሠራ ንድፍ ላይ a የሚያመለክተው የጉሮሮውን ውፍረት፣ ማለትም ከብየዳው ሥር እስከ ፊቱ ያለውን አጭሩን ርቀት ሲሆን፣ የተፈለገው እግር ቢሆን ኖሮ z ይጻፍ ነበር። ላሜራዎቹ በ90 ዲግሪ ሲገናኙና እግሮቹ እኩል ሲሆኑ ጉሮሮው የእግሩ 0.7 ያህል ነው፤ ስለዚህ 5ን ለ0.7 ሲያካፍሉ 7.1 ያገኛሉ። እግሩን 5 ቢያደርጉት ጉሮሮው 3.5 ብቻ ይሆናል፤ ጥንካሬው የሚሰላው በጉሮሮው በመሆኑም ከታሰበው 30 በመቶው ይጎድላል። ይህ ጉድለት በዓይን ሲታይ ንጹሕ የሆነ ብየዳ ውስጥም ስለሚደበቅ እጅግ ያሳስበኛል።

ፊደል የሌለው ቁጥር ካጋጠመዎ ግን አይገምቱ፤ በአሜሪካው ኤደብሊውኤስ ደንብ ቁጥሩ እግሩን ስለሚያመለክት፣ የትኛው ደንብ እንደተሠራበት ከንድፉ የርዕስ ሳጥን ይመልከቱ ወይም ነዳፊውን ይጠይቁ።

ከበየዱ በኋላም እግሩን ብቻ ለክተው አይርኩ። የብየዳው ፊት ወደ ውስጥ ከሰረጎደ እግሩ 7.1 ሆኖ ሳለ ጉሮሮው ከ5 ሊያንስ ስለሚችል፣ መሐሉን በጉሮሮ ጌጅ ይለኩ፤ ካነሰ ተጨማሪ ድርብ ይበይዱበት። ፊቱ ወደ ውጭ ካበጠ ደግሞ እብጠቱ በጉሮሮው ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ መለካት ያለበት እግሩ ነው።