ስለ ክረምትና መኸር እየዘለለ ቤት የሚመታ ግጥም

«እህታችሁን እርዱኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። የአማርኛ መምህራችን ስለ ዝናብና መኸር 8 መስመር ግጥም ጻፉ ብለውናል። ቤቱ ግን ተከታትሎ መምታት የለበትም፤ 1ኛው መስመር ከ3ኛው፣ 2ኛው ከ4ኛው ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁሌም ሳነበው ግጥም ግጥም አይለኝም። ምንድን ነው ችግሩ?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ይቺው የቤት ሥራ ተማሪ እያለሁ ደርሳኛለች። ከ10 ስድስት ነው ያገኘሁት፤ ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አምና የእህቴ ልጅ ተመሳሳይ ሥራ ይዛ ስትመጣ ነው የራሴን ጥፋት ያየሁት።

መጀመሪያ ስለ ጆሮሽ። ጆሯችን የለመደው ጎን ለጎን የሚመታ ቤት ነው። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ሲባል ሁለተኛው ወዲያው መልስ ይሰጣል። ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም የምንሰማው እንደዚያ ነው። እየዘለለ ሲመታ ግን ጆሮ አንድ መስመር ሙሉ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቤት መምቻው ደከም ያለ ከሆነ መስመሩ እስኪመለስ ይረሳል። «ግጥም ግጥም አይልም» ያልሽው ይሄ ይመስለኛል።

የእኔ የድሮው ግጥም እንዲህ ይጀምር ነበር፦

ክረምቱ ገባና ዝናቡ ዘነበ፤
ገበሬው በሬውን ጠምዶ አረሰ፤
ሜዳው ተራራውም ባደይ ተከበበ፤
መኸሩም በጊዜው ለሁሉም ደረሰ።

ሕጉን ያከበረ ይመስላል። በ፣ ሰ፣ በ፣ ሰ። ግን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ዘነበ፣ አረሰ፣ ተከበበ፣ ደረሰ። አራቱም ኃላፊ ግሥ ናቸው፤ አራቱም በግዕዝ ፊደል ያልቃሉ። ተነባቢው ቢለያይም አናባቢው አንድ ነው። ጆሮ ሁለት ቤት አይሰማም፤ አንድ የተበላሸ ቤት ነው የሚሰማው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅ ዝም ብለሽ ከጻፍሽ ሁሌም እዚህ ትገቢያለሽ። ያንቺም ሦስት ሙከራ በ«አለ»፣ በ«ነበረ»፣ በ«ሄደ» የሚያልቅ ከሆነ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው።

ሌላም ጥፋት አለበት። 2ኛው መስመር ያነክሳል። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መድኃኒቱ ከመጻፍሽ በፊት ነው የሚሠራው። መስመር አትጻፊ። በመጀመሪያ የመስመር መጨረሻ ቃላት ብቻ ሰብስቢ፤ ስም ቢሆኑ ይመረጣል። እኔና የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልን። በአንድ በኩል የዝናብ፣ በሌላው የመኸር ቃል። ደመና፣ ጎዳና፣ ጭቃ፣ ጎርፍ፣ በረዶ፣ አፈር። ነዶ፣ አውድማ፣ ክምር፣ ጎተራ፣ ገለባ፣ ዜማ። ከዚያ የሚጣመሩትን በመስመር አገናኘን። ደመና ከጎዳና። በረዶ ከነዶ። አውድማ ከዜማ። አፈር ደግሞ ብቻውን ቀረ።

ለአንድ አራት መስመር ሁለት ጥንድ ትመርጫለሽ። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው፦ የሁለቱ ጥንድ አናባቢ መለያየት አለበት። ደመናና ጎዳናን ከአውድማና ዜማ ጋር አንድ ላይ ብታደርጊ ሁሉም በራብዕ ያልቃሉና የእኔ የድሮ በሽታ ይመለሳል። «ዶ»ን ከ«ማ» ጋር፣ «ና»ን ከ«ር» ጋር ስናደርግ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ከዚያ ልክ አለ። እኛ የተጠቀምነው የወል ቤት የሚባለውን ነው፤ በአንድ መስመር 12 ቀለም፣ መሐሉ ላይ ተቆርጦ 6 እና 6። (ሰንጎ መገን 5 እና 5 ነው፤ ለጀማሪ ጠበብ ይላል።) ቀለም ስትቆጥሪ ፊደል አትቁጠሪ፤ በአፍሽ ቁጠሪ፣ በጭብጨባ። አናባቢ የማይሰማበት ሳድስ ብቻውን ቀለም አይሆንም። «ክረምቱ» አራት ፊደል ነው፣ ግን ሦስት ጭብጨባ፦ ክ፣ ረም፣ ቱ። አሁን የድሮዬን 2ኛ መስመር ቁጠሪ። «ገበሬው በሬውን» ስድስት። «ጠምዶ አረሰ» አምስት። ያነከሰው ለዚህ ነው።

አምና የወጣው ግጥም ይኸውልሽ፦

ሰኔ ሲል ወረደ ያንኮበር ደመና፤
አባቴ ጠመደ ሊገለብጥ አፈር፤
ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው ጎዳና፤
ማሳው ለመለመ እስከ ወንዙ ድንበር።

ጥቅምት አስፈራራን ውርጭና በረዶ፤
ኅዳር ላይ ተለስኖ ያባቴ አውድማ፣
በሬው እየዞረ ሲያበራይ ነዶ፣
ከማዶ ይሰማል የደቦኞች ዜማ።

ትልቅ ግጥም ነው አልልም። ግን ሕጉን ይጠብቃል፣ አይንገዳገድም። እንዴት እንደተሠራ ልንገርሽ።

4ኛው መስመር መጀመሪያ «ማሳው ለመለመ ጠገበና ምድር» ነበር። ለእኔ ትርጉሙ ይሻላል፤ ምድር ውሃ ጠግቦ ማለት ነው። ግን «አፈር» ብሎ «ምድር» ሲመጣ ቤቱ ላላ። ሁለቱም በ«ር» ያልቃሉ፣ እውነት ነው። ግን ሳድስ ላይ የሚያልቅ ቤት አናባቢ ስለሌለው ጆሮ የሚይዘው ከፊቱ ያለውን ፊደል ነው። በአፈር «ፈ» አለ፤ በምድር ደግሞ «ድ»። አይገናኙም። «ድንበር» ውስጥ «በ» አለ፤ ያ ግዕዝ ነው፣ ከ«ፈ» ጋር ይስማማል። ስለዚህ በሳድስ የሚያልቅ ጥንድ ከያዝሽ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተመልሰሽ እዪ። እየዘለለ በሚመታ ቤት ላይ ይሄ ግዴታ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሆን ጆሮ ይቅር ሊል ይችላል።

2ኛውን መስመር ደግሞ እዪው። በተራ ንግግር «አፈር ሊገለብጥ ጠመደ» ነው የምንለው። እኛ ግሡን ወደ ፊት አምጥተን ስሙን መጨረሻ ላይ ጣልነው። ግጥም ይሄን ይፈቅዳል። ግን በ8ቱም መስመር ከገለበጥሽ የሰከረ ሰው ወሬ ይመስላል። 3ኛው መስመር ምንም አልተገለበጠም ማለት ይቻላል፤ «ጭቃ ነው ጎዳና» ሰው በየቀኑ የሚለው ዓይነት ነው። የጅሩን ጥቁር አፈር በሐምሌ የረገጠ ያውቀዋል፤ ጫማ ይዞ ይቀራል።

በተረፈ እየዘለለ መምታት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማስኬድ ያስችላል። በመጀመሪያው አራት መስመር «ና» የሚለው ቤት ሰማዩንና መንገዱን ይዟል፤ «ር» የሚለው እርሻውን። ዝናብ፣ እርሻ፣ ዝናብ፣ እርሻ። መምህርሽ ይሄን ሕግ ለምን እንደሰጡ ባላውቅም ለዝናብና መኸር ይስማማል። በሁለተኛው አራት መስመር ግን ይሄን አልጠበቅነውም፤ ሐሳቡ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ያለማቋረጥ ስለሚፈስ መስበሩን አልወደድነውም።

አሁን የወቅቱ ነገር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው። መስከረምን «ጸደይ» ማለት በሬዲዮም በፖስት ካርድም ተለምዷል። በእኛ ቀመር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው፤ አበባውም አጨዳውም የሚጀምርበት። ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ያበቃል። ስለዚህ «በጸደይ አጨድን» ብለሽ ከጻፍሽና መምህርሽ ጥብቅ ከሆኑ ቀይ እስክሪብቶ ይወጣል። እኛ የወር ስም ብቻ በመጠቀም አመለጥን፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ወራቱ በቅደም ተከተል ስለሚሄዱ ግጥሙ ታሪክ ያለው ይመስላል።

የጥቅምቱን መስመር የሰጠን አባቴ ነው። ማንበብ አይችልም፤ አነበብንለት። መጀመሪያ 5ኛው መስመር በመስከረም ስንዴ ያጭድ ነበር። ሳቀብን። «በመስከረም ምን ልታጭዱ ነው፣ ቅጠል?» አለ። ከዚያ «ውርጩንስ ረሳችሁት?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። ደመናው ሲሄድ የጥቅምት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቅዝቃዜው ይወርዳል፤ ያኔ ባቄላውና ስንዴው ገና ፍሬ እየያዙ ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አንቺ ያለሽው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ይሄን ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ። ዝናብ ቆመ፣ እህል ደረሰ ብሎ መዝለል ግጥሙን ባዶ ያደርገዋል፤ መሐል ላይ የሚያስፈራ ነገር ሲገባ የ8ኛው መስመር ዜማ ምክንያት ያገኛል።

ስትጨርሺ ፈተናው ቀላል ነው። የመጨረሻ ቃላቱን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢ፦ ደመና፣ አፈር፣ ጎዳና፣ ድንበር። ካልተምታታብሽ ጥሩ ነው። ከዚያ ለአንድ ሰው ሦስቱን መስመር አንብቢለትና 4ኛውን ከመጨረሻው ቃል በፊት አቁሚ። በምን ፊደል እንደሚያልቅ ከገመተ ቤቱ መትቷል። የእህቴ ልጅ ለወንድሟ ስታነብለት «ሰፈር» ብሎ ገመተ። ቃሉን ሳተ፣ ቤቱን ግን አገኘው።

የእኛን ግጥም እንዳለ ገልብጠሽ እንዳትሰጪ፤ መምህርሽ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ደግሞ ቤተሰቦችሽ ከመንዝ ወይም ከጣርማ በር በኩል ከሆኑ ወራቱ ራሱ አይሆንሽም። እዚያ የበልግ ገብስ አለ፤ ዝናቡ የካቲትና መጋቢት ላይ መጥቶ አጨዳው ሰኔ አካባቢ ነው፤ ሌላው ሰው ገና ሲያርስ እነሱ ያጭዳሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኛ የተሻለ ግጥም ይወጣዋል፤ አንዱ መስመር ማጭድ፣ ቀጣዩ ማረሻ። ከሞከርሽው እዚሁ ለጥፊልን፤ ቀለሙን አብረን እንቆጥራለን።