ኢንሹራንሱ 50 ዶላር ነበር

«ሰላም ለሁላችሁም። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ ዱባይ እሠራለሁ። ትንሽ ልጅ አለችኝ፣ እናቴ ጋ ነው የምታድገው። አንድ የፋይናንስ አማካሪ በወር 300 ዶላር ለ20 ዓመት የምከፍልበት፣ የሕይወት ኢንሹራንስም ኢንቨስትመንትም የሆነ ውል ፈርሚ እያለኝ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ተራውን ተርም ግዢና ቀሪውን ለብቻው አስቀምጪ ትለኛለች። የቱ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ጓደኛሽን ስሚ። ተርም የምትለው ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚሸፍን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብትሞቺ ብቻ የሚከፍል የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ፤ በፊት ግን ዱባይ ሆቴል ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ልክ ያንቺን የመሰለ ውል ፈርሜአለሁ። 300 ዶላር፣ 20 ዓመት።

የነቃሁት በአባቴ ጥያቄ ነው። ለዕረፍት መሐል ሜዳ ወርጄ ስለ ውሉ በኩራት ሳወራ፣ «አያድርገውና አንተ ብትቀር ለእኛ ስንት ይሰጡናል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ወረቀቱን አገላብጬ የሞት ክፍያ የሚለውን መስመር አገኘሁት። «ከሒሳቡ ዋጋ 101 ከመቶ» ይላል። ያን ጊዜ ሒሳቡ ላይ 5,000 ዶላር ገደማ ነበር። ብሞት ቤተሰቤ የሚደርሰው 5,050 ነው። 5,000ው የራሴ ገንዘብ ስለሆነ፣ ኢንሹራንስ ያሉኝ 50 ዶላሯን ነው!

ሁሉም ውል እንዲህ አይደለም። እውነተኛ ሽፋን ያላቸውም አሉ። እነሱ ግን የሽፋኑን ዋጋ በየወሩ ከገዛሽው የፈንድ ድርሻ ላይ እየሸጡ ይወስዳሉ። ዕድሜሽ ሲገፋ ያ ዋጋ ይጨምራል፣ ገበያ በወረደ ጊዜ ደግሞ ብዙ ድርሻ ይሸጥብሻል።

ሁለተኛው ጉድ የመጣው ሥራዬ ሲቆም ነው። 28 ወር ከፍዬ ነበር፣ 8,400 ዶላር። ድረ ገጹ ላይ ስገባ የሒሳቡ ዋጋ 8,150 ይላል። ደስ አለኝ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል ግን ሌላ ቁጥር አለ፦ ውሉ ቢቋረጥ የሚከፈል፣ 2,900። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ክፍያ «የመጀመሪያ ዩኒት» የሚባል ልዩ ድርሻ ይገዛል። አማካሪው የ20 ዓመቱን ኮሚሽን ገና ስፈርም ተቀብሏል፤ ኩባንያው ያንን ከእነዚህ ድርሻዎች ላይ ዓመት ዓመት እየቆረጠ ይመልሳል። መሐል ላይ ከወጣሁ ያልተቆረጠውን በአንዴ ያነሳል። ከእኔ ውል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የኤምሬትስ ተቆጣጣሪ የኮሚሽኑን ደንብ አጥብቆታል። ቢሆንም የራስሽን ወረቀት ሳታይ አትመኚ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በኋላ የ100,000 ዶላር ተርም ለ20 ዓመት ስጠይቅ በወር 22 ዶላር አሉኝ (ያንቺ በዕድሜና በጤና ይለያል)። 278 ይተርፋል። ገበያው በዓመት 6 ከመቶ ሰጠ እንበል። የገበያውን አክሲዮኖች በጅምላ የሚገዛ ርካሽ የኢንዴክስ ፈንድ ግማሽ ከመቶ ቢወስድ 5.5 ይቀርሻል፤ በ20 ዓመት 121,000 ገደማ ይሆናል። በውሉ ውስጥ የፈንዱም የአስተዳደሩም የዩኒቱም ክፍያ ተደምሮ 3.5 ከመቶ ቢወስድ፣ ሙሉው 300 በ2.5 አድጎ 93,000 ገደማ ነው። በዚያ ላይ በተርሙ መንገድ ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ ልጅሽ 100,000 ታገኛለች።

ግን ጓደኛሽ ያልነገረችሽ ነገር አለ። «ቀሪውን ለብቻው» ማለት ቀላል ነው። የእኔ ቀሪ በመጀመሪያው ዓመት ጠባሴ ላይ የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ደመወዝ በገባ ቀን በራሱ ወደ ፈንዱ እንዲሄድ ባንኩን ያዘዝኩት። ይህን ካላደረግሽ ስሌቱ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ፈንዱም ሊወርድ ይችላል፤ የቅርብ ዓመታት ወጪሽን እዚያ አታስገቢ። የተርም ክፍያ ደግሞ በሕይወት ካለሽ አይመለስም። እኔ እንደ ቤት ኪራይ ነው የማየው።

ተርሙን ስትገዢ ጠቅልለሽ አገር ቤት ብትገቢ ሽፋኑ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሺ። አንዳንዱ የመኖሪያ አገር ስትቀይሪ ይቋረጣል። ልጅሽ ገና ሕፃን ስለሆነች ገንዘቡን ማን እንደሚረከብላት አሁኑኑ ይጻፍ፤ የሰውየውም ስም ፓስፖርቱ ወይም መታወቂያው ላይ ባለው ፊደል ልክ ይሁን።

አማካሪሽን ደግሞ ሁለት ቁጥር በኢሜይል ጠይቂው። በ24ኛው ወር ብሞት ለልጄ ስንት ይከፈላታል? በ24ኛው ወር ባቋርጥ ለእኔ ስንት ይመለሳል? የእኔው በስልክ ነበር የሚመልስልኝ፣ በጽሑፍ አንድ ቀን አልላከም። ያንቺው ከላከልሽ ስምሽን አጥፍተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።